ሊቆረጥ የነበረ እግርና ከሱፐርማርኬት የተገዛ ማር

ታካሚው የ79 ዓመት አዛውንት ናቸው። የሚኖሩት አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባቸው፤ እግራቸው ላይ ደግሞ የማይድን ቁስል ወጥቷል። አንደኛው ቁስል 8 በ5 ሴንቲሜትር፣ ሌላኛው 3 በ3 ሴንቲሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው የአዋቂ ሰው መዳፍ ግማሽ ያህላል ማለት ነው።

በ14 ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል። አራት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ሁለት የእግር ጣታቸውን አጥተዋል። ለሕክምናው የወጣው ገንዘብ ከ390 ሺህ ዶላር አልፏል። ቁስሉ ግን ፈቅ አላለም። ከውስጡ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሦስት ክፉ ባክቴሪያዎች ተገኙ፦ ሜቲሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ፣ ቫንኮማይሲን የማይበግረው ኢንትሮኮከስ እና ሱዶሞናስ። ሦስቱም ሐኪም ስማቸውን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁርባቸው ናቸው፤ ብዙ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም።

ሐኪሞቹ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጥ አሉ። አዛውንቱ እምቢ አሉ። ካልተቆረጠ ሊሞቱ እንደሚችሉ ተነገራቸው። እሳቸው ግን በአቋማቸው ጸንተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ያኔ ነው የቤተሰብ ሐኪማቸው ማርን ያነሱት። ዶክተር ጄኒፈር ኤዲ ይባላሉ፤ ጉዳዩን ከባልደረባቸው ጋር ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የቤተሰብ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመውታል። አዛውንቱም ቤተሰቡም ተስማሙ። ማሩ ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ቤተሰቡ ከሱፐርማርኬት የገዛው ተራ ማር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በቀን አንድ ጊዜ ጎዝ ላይ ማር ወፈር ተደርጎ ይቀባል። ጎዙ ቁስሉ ላይ ይደረጋል፣ ከላይ በፋሻ ይጠቀለላል። በአፍ ይወሰድ የነበረው አንቲባዮቲክ ቆመ። በጨው ውሃ ይደረግ የነበረው እሽግም ቀረ። የቀረው የቁስል እንክብካቤ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ላይ አዲስ ቀይ ሥጋ ብቅ አለ። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ቁስሎቹ ተዘጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አላገረሹም፤ አዛውንቱ በመራመጃ ድጋፍ ይራመዱ ነበር። እሽጉ ሲቀየር አላመማቸውም። ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄም እዚሁ ልመልስ፦ ማሩ የደም ስኳራቸውን አላናጋውም፣ በቁጥጥር ሥር እንደሆነ ቆይቷል።

አንድ ሰው ዳነ ማለት መድኃኒቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። አንቲባዮቲኩ የቆመውም ማሩ የተጀመረውም በአንድ ጊዜ ነው። ሆኖም ጉዳዩ ትልቅ ጥያቄ ያስነሳል። እነዚያ መድኃኒት ያልበገራቸው ባክቴሪያዎች ማር ውስጥ ምን ገጠማቸው?

መጀመሪያ የሚገጥማቸው ስኳሩ ነው። የበሰለ ማር 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ውሃው ከ17 እስከ 18 በመቶ ቢሆን ነው። ያቺ ጥቂት ውሃም ነጻ አይደለችም፤ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ሞለኪውሎች ጠፍረው ይዘዋታል። ባክቴሪያ ደግሞ ለመኖር ነጻ ውሃ ይፈልጋል። ሳይንቲስቶች ነጻውን ውሃ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ይለኩታል፤ ንጹህ ውሃ 1 ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ከ0.9 በታች ማደግ ያቅተዋል። ድርቀትን በመቋቋም የሚታወቀው ስታፊሎኮከስ እንኳ 0.86 አካባቢ ይቆማል። ማር ግን 0.6 ገደማ ነው። ማር ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ከራሱ አካል ውሃ ይመጠጥበታል፤ መብዛትም አይችልም።

ቁስሉ ላይም ይኸው መምጠጥ ይቀጥላል። ማሩ ከታች ካለው ሥጋ ፈሳሽ ወደ ላይ ይስባል። ይህ ፈሳሽ ቁስሉን ከውስጥ ወደ ውጭ ያጥበዋል፣ የሞተውን ሥጋ ያላላዋል። ጎዙም ሥጋው ላይ ደርቆ አይጣበቅም። የአዛውንቱ እሽግ ያለ ሕመም ይቀየር የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ማሩ ውሃ በሳበ ቁጥር ራሱ ይቀጥናል። በቤታችን የምናውቀው ነገር ነው፦ ማር ለዓመታት ተቀምጦ አይበላሽም፤ ብርዝ አድርገነው ያደርን እንደሆነ ግን ወዲያው መፍላት ይጀምራል። ስኳሩ ያው ነው፤ ውሃው ግን ነጻ ወጥቷል። ቁስል ላይ ያለ ማርም በየሰዓቱ እየተበረዘ ነው።

በአዛውንቱ ቁስል ላይ እናስላው። ስለ ማር እሽግ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ 10 በ10 ሴንቲሜትር ለሆነ እሽግ 20 ሚሊ ሊትር ማር ይበቃል ይላል። 8 በ5 የሆነው ቁስል 40 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ 8 ሚሊ ሊትር፣ ዳር ዳሩን ጨምረን 10 ሚሊ ሊትር እንበል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ቁስሉ 15 ሚሊ ሊትር እዥ ሲያወጣ ማሩ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። 40 ሚሊ ሊትር ሲያወጣ 20 በመቶ ይሆናል። እዣም ቁስል ይህን ያህል ቢያወጣ የሚገርም አይደለም። ታዲያ ማሩ 20 በመቶ ሲደርስ ሥራው አበቃ?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2010 አምስተርዳም የተሠራ ጥናት ነው። ፓውለስ ክዋክማንና ባልደረቦቹ ለሕክምና የሚዘጋጅ አንድ ማር ወስደው ኃይሉን እየነጠሉ አጠፉት። በመጀመሪያ ማሩንና ማሩን የሚመስል ተራ የስኳር ውህድ አነጻጸሩ። የሞከሯቸው ባክቴሪያዎች በሙሉ ወደ 10 ወይም 20 በመቶ በቀጠነ ማር ሞቱ። የስኳር ውህዱ ያንኑ ሥራ ለመሥራት 40 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። ከሞከሯቸው ውስጥ አዛውንቱን ያሠቃዩት ሦስቱ ዓይነቶችም ነበሩ።

ይህን ወደ ስሌታችን እናምጣው። ስኳር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከ15 ሚሊ ሊትር እዥ በኋላ መዳከም ይጀምር ነበር። የአምስተርዳሙን ዓይነት ማር ብንጠቀም ግን 40 ሚሊ ሊትር ካለፈም በኋላ ይዋጋል። ይህ ልዩነት የሚመጣው ከስኳሩ ውጭ ካሉት ነገሮች ነው። ዋነኛው ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው።

ንብ የአበባ ወለላ ወደ ማር ስትለውጥ ከራሷ ዕጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ትጨምርበታለች። የኢንዛይሙ ሥራ ግሉኮስን፣ ኦክስጅንንና ውሃን ተጠቅሞ ሁለት ነገር ማምረት ነው፦ ግሉኮኒክ አሲድ እና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ወለላው ገና ውሃ የበዛበት ሳለ ኢንዛይሙ ይሠራል፤ ቀፎ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ማሩ በስሎ ሲወፍር ግን ውሃው ያንሰዋል፣ አሲዱም ይበዛበታል። ስለዚህ ይተኛል። ማሰሮ ውስጥ ያለ የበሰለ ማር ይህ ነው የሚባል ፐርኦክሳይድ የለውም።

የሚነቃው ሲበረዝ ነው። ይህን ደጋግሜ ባነሳው አልጠግብም፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነውና። የቁስሉ እዥ የስኳሩን ጉልበት ሲያዳክም፣ ያው እዥ የተኛውን ኢንዛይም ይቀሰቅሰዋል። የቁስል ፈሳሽ የማሩን አሲድም ስለሚያለዝበው ለኢንዛይሙ ይመቸዋል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል።

የሚወጣው ፐርኦክሳይድ መጠኑ ትንሽ ነው። አምስተርዳሞች ወደ 40 በመቶ ያቀጠኑት ማር ላይ ሲለኩ፣ በኬሚስቶች መለኪያ ቢበዛ 5.6 ሚሊሞላር ገደማ አገኙ። ፋርማሲ ውስጥ በጠርሙስ የሚሸጠው 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበረታል። ያን ጠርሙስ ቁስል ላይ ስናፈሰው አረፋ ደፍቆ ይጨርሳል፤ ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ያለው ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም በቅጽበት ይበትነዋልና። እስኪበተን ድረስ ደግሞ አዲሱን ሥጋም ያቃጥላል። ማሩ ግን ጥቂት በጥቂት፣ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ያመርታል። ካታሌዝ የበተነውን እየተካ ይሄዳል። ካታሌዙ የበረታበት፣ ደም የሚበዛበት ቁስል ላይ ግን ይሄኛው መሣሪያ መዳከሙ አይቀርም።

አሲዱን በአጭሩ ልለፈው፤ ከስኳሩ፣ ከፐርኦክሳይዱና ከአሲዱ ብቻውን ሲሆን ደካማው እሱ ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። የማር ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 4.5 ነው። ብዙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው 7 አካባቢ ነው፤ የቆየ ቁስል ደግሞ ከ7 በላይ ይሆናል። ስለዚህ ማሩ ሲቀባ የመኖሪያ ሰፈራቸው ይበላሽባቸዋል። ነገር ግን የሰውነት ፈሳሽ አሲድን ቶሎ ያለዝባል። አምስተርዳሞችም ሌሎቹን ኃይሎች አጥፍተው በመጨረሻ የማሩን ፒኤች ወደ 7 ሲያመጡት የጠፋው ቀድሞውንም የቀረችው ትንሽ ጉልበት ናት። ከዚያ በኋላ ማሩ ከተራ ስኳር አልተሻለም። አሲድ ለቁስሉ ሌላ ጥቅም አለው፦ የደም ኦክስጅን በቀላሉ ወደ ሥጋው እንዲለቀቅ ይረዳል። ማር ሲቀባ አንዳንድ ሰው የሚቆጠቁጠውም በእሱ ምክንያት ነው።

ለሙሉነት ያህል፣ ያ ጥናት ሌሎች ሁለት ነገሮችም አግኝቷል። አንዱ ሜቲልግላዮክሳል የሚባል ኬሚካል ነው፤ የኒውዚላንዱ ማኑካ ማር በብዛት የሚታወቅበት። ሁለተኛው ከንቧ የሚመጣ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን ነው። ሁሉም ማር እኩል የላቸውም።

አሁን ወደ አዛውንቱ እንመለስ። የእሳቸው ማር የሱፐርማርኬት ማር ነው። ሱፐርማርኬት የሚገባ ማር ብዙውን ጊዜ እንዳይረጋና በቀላሉ እንዲጣራ ይሞቃል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ ብርሃንም ይጎዳዋል። ስለዚህ የእሳቸው ማር ፐርኦክሳይድ የማምረት አቅሙ የተዳከመ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ምን አዳናቸው? የእኔ ግምት መልሱ አቀባቡ ላይ ነው ያለው። ወፈር ተደርጎ፣ በየቀኑ፣ ለወራት። ማሩ ቀጥኖ ሳያልቅ አዲሱ ይተካል፤ ስኳሩ 40 በመቶ ከሚሆነው ወሰን በላይ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከኢንዛይሙ የተረፈ ካለም ይጨመርበታል። ስስ አድርጎ ቀብቶ ሦስት ቀን የተወው ሰው ያንኑ ውጤት ባላገኘ ነበር።

እኛም አገር ይህን የሚመለከት ሥራ አለ። የጎንደር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ነጭ ማር፣ ቢጫ ማርና የጣዝማ ማር በላብራቶሪ ፈትነዋል። መድኃኒት የለመዱትንም ጨምሮ ስታፊሎኮከስ፣ ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ ላይ ነው የሞከሩት። ከሦስቱ ብርቱ ሆኖ የተገኘው ጣዝማ ነው። ጣዝማ ከተራው ማር ይልቅ ቀጭንና ውሃ የሚበዛው ማር ነው። በስኳሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሸነፍ ነበረበት። ያሸነፈው ስኳር ባልሆነ ነገር መሆን አለበት ማለት ነው። ሆኖም ይህ የላብራቶሪ ሳህን እንጂ የሰው ቁስል አይደለም።

የሰው ቁስልን ካነሳን ናይጄሪያን ማንሳት ግድ ነው። በካላባር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ኤፌም የተባሉ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1988 የ59 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። አብዛኞቹ በተለመደው ሕክምና ያልዳኑ ነበሩ። ያልተጣራ፣ ያልሞቀ ማር ተቀባላቸው። 58ቱ በግልጽ ተሻሻሉ። ያመረቀዙት ቁስሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከባክቴሪያ ጸዱ። የሞተው ሥጋ ተነስቶ በቦታው አዲስ ሥጋ መጣ።

ያልዳነው አንድ ሰውስ? በኋላ ሲመረመር ቡሩሊ የሚባል ቁስል መሆኑ ታወቀ። ይህን ቁስል የሚያመጣው ባክቴሪያ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ ነው። ከቆዳ ሥር ጠልቆ ይቀመጣል፣ መርዝ እየረጨ ሥጋውን ከውስጥ ይገድላል። ማር ደግሞ የሚደርሰው በነካው ቦታ ነው። ጥልቅ ሥጋ ውስጥ፣ አጥንት ውስጥ ወይም ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ላይ ስኳሩም አይደርስ፣ ፐርኦክሳይዱም አይደርስ። ከ58ቱ ይልቅ ይህ አንድ ሰው ብዙ ያስተምረኛል።

ሁለተኛው ገደብ የቁስሉ መነሻ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሙከራ 368 ሰዎችን አሳተፈ። የሁሉም ቁስል ከደም ሥር ችግር የመጣ የእግር ቁስል ነበር፤ ሁሉም እግራቸው በመጭመቂያ ፋሻ ይታሰር ነበር። ግማሾቹ በማር፣ ግማሾቹ በተለመደው እሽግ ታከሙ። ከ12 ሳምንት በኋላ የዳኑት ከማሩ ወገን 55.6 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 49.7 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የሚያልፍ አልነበረም። ማር የተቀቡት ደግሞ ሕመም አብዝተው ተናግረዋል። እዚያ ቁስሉን የሚያቆየው ዋናው ነገር እግር ውስጥ የተጠራቀመው ደም እንጂ ባክቴሪያው አይደለም። ማር ባክቴሪያን ይዋጋል፤ የተበላሸ ደም ሥርን አይጠግንም። የስኳር ሕመምተኛ እግርም እንዲሁ ነው። ደም ወደ እግሩ ካልደረሰ ወይም ሰውየው ቁስሉን እየረገጠ ከሄደ ማሩ ብቻውን አይችለውም።

የትኛው ማር ይሁን የሚለው ሳይነሳ አይቀርም። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም የሚባል አደገኛ ባክቴሪያ ዘር ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የሌለበት። ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር በጋማ ጨረር ይጸዳል፤ ጨረሩ ዘሩን ሲገድል ኢንዛይሙን አይነካውም። እሳት ላይ ማፍላት ግን ኢንዛይሙን ይገድላል፣ ዘሩን ግን ይተዋል። ስለዚህ ቁስል ላይ ይደረጋል ብሎ ማርን ማፍላት ከሁለቱም ያጣል። ስኳር የተቀላቀለበት የገበያ ማርም ኢንዛይሙ የሳሳ ነው፤ በጣዕም ደግሞ ሁልጊዜ አይለይም።

በመጨረሻ፣ ሐኪሙ ተስማምቶ ማር የተጀመረለት ሰው ቤተሰብ ምን ይጠብቅ? በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዡ ሊበዛ ይችላል፤ ማሩ ውሃ እየሳበ ነው። የሞተው ሥጋ ሲነሳ ቁስሉ የሰፋ ሊመስል ይችላል። ይህ አያስደነግጥ። ፋሻው እስከ ውጭ ከራሰ ማሩ ቀጥኗል ማለት ነው፤ እሽጉ በቀን አንዴ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ይቀየር። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ጤነኛ ቆዳ ነጭ ሆኖ ከተጨማደደ ፈሳሹ እየጎዳው ስለሆነ ነርሷ ትየው። በሁለት ሳምንት አካባቢ ከሥር ቀይ፣ እርጥብ ሥጋ መታየት መጀመር አለበት። ቅላቱ ከቁስሉ ወጥቶ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጣት ከጠቆረ ወይም ሽታው ከባሰ ግን ባክቴሪያው ማሩ ከማይደርስበት ቦታ ገብቶ ወይም ደም ወደ እግሩ መድረሱ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለነገ ሳይባል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።